ግራም፣ ኪሎና ኩንታል የተደባለቀበትን የክብደት ዓምድ ወደ አንድ መለኪያ መቀየር

አክስቴ ባሕር ዳር ውስጥ የእህልና የቅመም መደብር አላቸው። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሩዝ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ይገዛሉ ይሸጣሉ። የግዢውን ደብተር ልጃቸው በስልኩ ወደ ጎግል ሺትስ እየገለበጠ ሲያስገባ ቆየና አንድ ቀን «እስቲ በዓመቱ ስንት ኪሎ እንደገዛን ደምርልኝ» አሉኝ። ፋይሉን ስከፍተው የክብደቱ ዓምድ ውስጥ «3 ኩንታል» አለ፣ ከሥሩ «250ግራም» አለ፣ ወረድ ሲል «40 ኪሎ ግራም» አለ፣ ከዚያ «ኩንታል ተኩል»፣ ከዚያ ደግሞ ምንም መለኪያ የሌለው ባዶ «50»። ይሄ አይደመርም።

እንዴት እንደሠራሁት ከነስህተቴ ልንገራችሁ። ፎርሙላዎቹ የጎግል ሺትስ ናቸው። አዲሱ ኤክሴል ላይም ይሠራሉ፤ `REGEXMATCH` የሚለውን `REGEXTEST` በሉት፣ `G2:G` ያልኩትን ደግሞ `G2:G500` እንደሚል አድርጋችሁ ጨርሱት። የቆየ ኤክሴል ያለው ሰው ፋይሉን ጎግል ሺትስ ላይ ጭኖ ቢሠራው ይቀለዋል።

ለማሳያ አሥር ረድፍ መርጫለሁ። አስቸጋሪዎቹን ሆን ብዬ ነው የሰበሰብኳቸው፤ እውነተኛው ደብተር ላይ አብዛኛው ረድፍ ደህና ነው።

| ተራ | ዕቃ | ክብደት | ብር |
|---|---|---|---|
| 1 | ጤፍ | 3 ኩንታል | 39000 |
| 2 | ኮረሪማ | 250ግራም | 200 |
| 3 | በርበሬ | 40 ኪሎ ግራም | 16000 |
| 4 | ያልተፈተገ ሩዝ | 4 ኩንታል | 14200 |
| 5 | ጥቁር አዝሙድ | 1,500 ግራም | 900 |
| 6 | ጤፍ | 2 ኩንታል ከ30 | 29900 |
| 7 | በርበሬ | ኩንታል ተኩል | 60000 |
| 8 | የተፈተገ ሩዝ | 50 | 4500 |
| 9 | ጤፍ | 1/2 | 6500 |
| 10 | ኮረሪማ | 3 | |

መጀመሪያ፦ ዋናውን አትንኩት

የመጀመሪያውን ዓምድ ላዩ ላይ አታርሙት። «3 ኩንታል» የሚለውን አጥፍታችሁ 300 ከጻፋችሁበት፣ ነገ ሰው «ይሄ 300 ከየት መጣ?» ሲላችሁ የምታሳዩት ነገር የለም። ሺቱን ቅዱና በቅጂው ላይ ሥሩ። የተራ ቁጥርም ጨምሩ፤ በኋላ በዕቃ ወይም በዋጋ ስትደረድሩት ወደ ደብተሩ ቅደም ተከተል የሚመልሳችሁ እሱ ብቻ ነው።

እኔ ጋ A ተራ፣ B ዕቃ፣ C እንደተጻፈው ያለ ክብደት፣ D ብር ነው። ከE ጀምሮ ያለው የኔ ሥራ ነው። ከA እስከ D ያለውን ግራጫ ቀለም ቀባሁት፣ እጄ ሳይታወቀኝ እንዳይሄድበት።

አንድ መለኪያ መምረጥም አለባችሁ። እኔ ኪሎ መረጥኩ። በግራም ቢሆን ሦስት ኩንታል ጤፍ 300000 ይሆናል፣ ዜሮ ሲቆጥሩ መሳሳት ይመጣል። በኩንታል ቢሆን ደግሞ ሩብ ኪሎ ኮረሪማ 0.0025 ሆኖ ማንም አይገባውም። ገበያው የሚያስበው በኪሎ ስለሆነ ቁጥሩ ሲሳሳት ዓይን ቶሎ ይይዘዋል።

የተጻፈውን ማጽዳት

በስልክ የተጻፈ ወይም ከሌላ ቦታ የተቀዳ ጽሑፍ ውስጥ የማይታዩ ክፍተቶች ይኖራሉ። አንዳንዱ ክፍተት ተራ ክፍተት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ኮዱ 160 የሆነ ሌላ ፊደል ነው። በዓይን አትለዩትም፣ ፎርሙላ ግን ይለየዋል፣ «ኪሎ» እና «ኪሎ» አንድ አይደሉም ብሎ ያስቸግራችኋል። E2 ላይ ይሄን ጻፉና እስከ ታች ጎትቱት፦

```
=TRIM(SUBSTITUTE(C2,UNICHAR(160)," "))
```

ቁጥሩን ማውጣት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው፣ ከጽሑፉ ውስጥ ያገኘውን የመጀመሪያ ቁጥር መውሰድ ነው። አታድርጉት። «2 ኩንታል ከ30» ከሚለው ላይ 2ን ብቻ ወስዶ ሠላሳውን ኪሎ ይበላዋል፣ አንዳች ስህተትም አያሳይም። «1,500» ከሚለው ላይ 1ን ይወስዳል። እኔ የፈለግኩት ሌላ ነው፤ ፎርሙላው እርግጠኛ የሆነበትን ብቻ ይውሰድ፣ የተጠራጠረውን ባዶ ይተውልኝ። F2 ላይ፦

```
=IF(REGEXMATCH(E2,"^[0-9]+(\.[0-9]+)?[^0-9]*$"),
 VALUE(REGEXEXTRACT(E2,"^[0-9]+(?:\.[0-9]+)?")),"")
```

በአማርኛ ሲነበብ፦ ጽሑፉ በቁጥር ከጀመረ፣ ቁጥሩ ምናልባት በነጥብ አሥርዮሽ ካለው፣ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ቁጥር ከሌለ፣ ቁጥሩን ስጠኝ። ካልሆነ ባዶ ተው። «3 ኩንታል» ያልፋል፣ «1.5 ኪ.ግ» ያልፋል። «1,500 ግራም» አያልፍም፣ ይሄ ደግሞ ሆን ተብሎ ነው። ምክንያቱም የአክስቴ ልጅ ኮማዋን ሁለት ሥራ ነው ያሠራት። «1,500 ግራም» ሲል አንድ ሺህ አምስት መቶ ማለቱ ነው፣ ሌላ ገጽ ላይ «1,5 ኪሎ» ሲል ግን አንድ ኪሎ ተኩል ማለቱ ነው። ይሄን ፎርሙላ ሊያውቅ አይችልም፣ ሰው ነው የሚያየው።

«ኪሎ 12» ብሎ መለኪያውን ያስቀደመም አያልፍም። ጥቂት ከሆኑ በእጅ ሥሯቸው።

መለኪያውን ማውጣት

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት እዚህ ጋ ነው። «ግራም የሚል ቃል ካለበት በሺህ አካፍል፣ ኪሎ የሚል ካለበት እንዳለ ተው፣ ኩንታል የሚል ካለበት በመቶ አባዛ» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ይመስላል። ግን «40 ኪሎ ግራም» ውስጥም እኮ «ግራም» የሚል ቃል አለ። ፎርሙላው ግራምን ስላስቀደመ አርባ ኪሎ በርበሬ 0.04 ኪሎ ሆነ፤ አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ድምሩ ላይ አርባ ኪሎ ስትጎድል አይታወቅም፣ ረድፉን ካላያችሁት ያልፋችኋል።

ስለዚህ «ውስጡ ይሄ ቃል አለ ወይ» ብላችሁ አትፈልጉ። ቁጥሩን፣ ነጥቡን፣ ኮማውን፣ ጭረቱንና ክፍተቱን ሁሉ አውጥታችሁ የቀረውን ቃል ሙሉውን አወዳድሩ። G2 ላይ፦

```
=REGEXREPLACE(E2,"[0-9.,/፡\s]","")
```

ይሄ አንድ ሌላ ጥቅም አለው። «ኪ.ግ»፣ «ኪ/ግ»፣ «ኪ ግ» ብለን በየመልኩ የምንጽፈው ሁሉ ነጥቡና ጭረቱ ሲወጣ «ኪግ» ይሆናል። «ኩ/ል» «ኩል» ይሆናል። «ኪሎ ግራም» ደግሞ ተጋጥሞ «ኪሎግራም» ይሆናል። ሃያ ዓይነት አጻጻፍ ወደ ስድስት ሰባት ይወርዳል። «2 ኩንታል ከ30» የሚለው «ኩንታልከ» የሚባል ትርጉም የለሽ ቃል ሆኖ ይቀራል፣ ይሄም ጥሩ ነው፤ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለማይገኝ ራሱን ያጋልጣል።

አሁን ምን ምን ቃል እንዳለ እዩ። ባዶ ሺት ክፈቱና A1 ላይ የሚከተለውን ጻፉ (ዳታው ያለበትን ሺት «ግዢ» ብዬዋለሁ)፦

```
=UNIQUE('ግዢ'!G2:G)
```

በቃ፣ በደብተሩ ውስጥ ያሉት መለኪያዎች ሁሉ እየተደረደሩ ይመጣሉ። እኔ ይሄን ሳደርግ ነው «ኩንታል» ተብሎ ሊጻፍ የታሰበ «ኩታል» ሁለት ቦታ ላይ ያገኘሁት።

ቀጥሎ «መለኪያ» የሚባል ሌላ ሺት ሥሩና ቃላቱን A ላይ፣ አንዱ ስንት ኪሎ እንደሆነ B ላይ ጻፉ።

| A | B |
|---|---|
| ኪሎ | 1 |
| ኪግ | 1 |
| ኪሎግራም | 1 |
| ግራም | 0.001 |
| ግ | 0.001 |
| ኩንታል | 100 |
| ኩል | 100 |

ቃላቱን ከ`UNIQUE` ስትቀዱ በ`Ctrl+Shift+V` ጽሑፉን ብቻ ለጥፉ። `UNIQUE` ያለበት ዓምድ አጠገብ 1፣ 100፣ 0.001 እያላችሁ እንዳትጽፉ። ነገ አንድ አዲስ ረድፍ መሃል ላይ ሲገባ ዝርዝሩ ወደ ታች ይገፋል፣ በእጅ የጻፋችኋቸው ቁጥሮች ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም፣ እና ኩንታል የግራምን ቁጥር ይዞ ቁጭ ይላል።

ወደ ኪሎ መቀየር

H2 ላይ፦

```
=IF(OR(F2="",G2=""),"",
 IFERROR(F2*VLOOKUP(G2,'መለኪያ'!A:B,2,FALSE),""))
```

መጨረሻ ላይ ያለችውን `FALSE` አትርሷት። እሷ ከሌለች `VLOOKUP` ትክክለኛውን ቃል ሲያጣ የሚቀርበውን ያመጣላችኋል፤ «ኩንታልከ»ን እንደ ኩንታል ቆጥሮ ሊያልፍ ይችላል።

በአሥሩ ረድፍ ላይ ውጤቱ ይሄ ነው፦ አንደኛው 300፣ ሁለተኛው 0.25፣ ሦስተኛው 40፣ አራተኛው 400። የቀሩት ስድስቱ ባዶ። ባዶ መሆናቸው ደስ ይበላችሁ፤ ሳታውቁት ከተሳሳተ ቁጥር የሚታይ ባዶ ይሻላል። እንዳትሳሳቱ፣ ባዶውን ዜሮ አታድርጉት። ዜሮ ማለት «ምንም አልተገዛም» ማለት ነው፣ ባዶ ማለት ግን «ገና አልታወቀም» ነው። አማካይ ስታወጡ ዜሮው ይቆጠራል፣ ባዶው አይቆጠርም።

ሁለተኛውን ረድፍ ስታዩ 0 ብቻ ከታያችሁ አትደንግጡ፤ ሴሉ አሥርዮሽ እንዳያሳይ ተደርጎ ነው። `Format > Number` ውስጥ ገብታችሁ ሦስት አሥርዮሽ እንዲያሳይ አድርጉት። `ROUND` ግን አታድርጉ፣ ኮረሪማውን እስከ ወዲያኛው ያጠፋዋል።

የቀሩትን በእጅ መሙላት

ለእጅ ሥራ የራሱን ዓምድ ስጡት። የH ፎርሙላ ላይ ደርባችሁ ቁጥር ከጻፋችሁ የትኛው በፎርሙላ የትኛው በእጅ እንደመጣ አይለይም። I «በእጅ» ይሁን፣ J የመጨረሻው ኪሎ ይሁን፦

```
=IF(I2<>"",I2,H2)
```

I ላይ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ስሌቱን ጻፉ። ስድስተኛው ረድፍ ላይ 230 ሳይሆን `=2*100+30` ብዬ ነው የጻፍኩት። ሴሉን የነካ ሰው እንዴት እንዳሰብኩ ያያል። ሰባተኛው «ኩንታል ተኩል» `=1.5*100` ነው። አምስተኛው `=1500*0.001`።

ዘጠነኛው ትንሽ ታሪክ አለው። ልጁ የጻፈው «1/2» ብቻ ነበር፣ ግማሽ ኩንታል ለማለት። ሺቱ ግን ቀን መስሎት ወደ ቀን ቀየረው። ከጎኑ ቃል ኖሮ «1/2 ኩንታል» ቢሆን ጽሑፍ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ብቻውን ሲሆን ነው የሚቀየረው። ክብደት ዓምድ ውስጥ ቀን ካያችሁ ቀኑንና ወሩን እዩት፤ 1 እና 2 ከሆነ ግማሽ፣ 1 እና 4 ከሆነ ሩብ ለማለት ሳይሆን አይቀርም። ወደፊት እንዳይደገም ዓምዱን ከመሙላታችሁ በፊት `Format > Number > Plain text` አድርጉት። ከተቀየረ በኋላ ማድረጉ ግን የተጻፈውን አይመልስም፣ ያኔ ደብተሩን መክፈት ነው።

ግማሹ የምን ግማሽ እንደሆነ ደግሞ አልተጻፈም። የኪሎ ነው የኩንታል? እዚህ ላይ ብሩ ይረዳል።

በብር ማረጋገጥ

ከዚህ ሥራ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳላችሁ ብባል ይሄን ነው የምሰጣችሁ። M2 ላይ አንድ ኪሎ ስንት እንደተገዛ አውጡ፦

```
=IF(OR(J2="",D2=""),"",D2/J2)
```

ከዚያ በዕቃ ደርድሩት፣ ጤፍ ከጤፍ፣ በርበሬ ከበርበሬ አጠገብ ይሁን። የአንድ ሰሞን ዋጋ ተቀራራቢ ነው። ጤፉ አንደኛው ረድፍ ላይ 39000 ለ300፣ 130 ብር ይመጣል። ስድስተኛውም 29900 ለ230፣ 130 ብር። ስለዚህ ዘጠነኛው ላይ 6500 ብር የተከፈለበት «ግማሽ» ግማሽ ኪሎ ቢሆን አንዱ ኪሎ 13000 ብር ሊሆን ነው፤ ግማሽ ኩንታል ቢሆን 130 ብር። ግማሽ ኩንታል ነው፣ 50 ኪሎ።

ስምንተኛው፣ መለኪያ የሌለው «50»ም እንደዚያው። የተፈተገ ሩዝ ያን ሰሞን በሌሎቹ ረድፎች 90 ብር አካባቢ ነበር። 4500 ለ50 ኪሎ 90 ብር ይመጣል። 50 ኩንታል ቢሆን ኪሎው አንድ ብር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ኪሎ ነው።

ቀመሩ ቀላል ነው። ዋጋው ከጎረቤቶቹ በመቶ እጥፍ ከራቀ ኪሎና ኩንታል ተምታቷል። በሺህ እጥፍ ከራቀ ግራምና ኪሎ ነው። በአሥር እጥፍ ከራቀ መለኪያው ሳይሆን ቁጥሩ ላይ አንድ ዜሮ ወይም ነጥብ ጠፍቷል።

ግን የማያስደነግጥ፣ እንዲሁ ትንሽ ዘወር ያለ ዋጋ ሲመጣስ? እኔን ያቆመኝ እሱ ነው።

ኩንታል ሁሉ መቶ ኪሎ አይደለም

አራተኛው ረድፍ። ያልተፈተገ ሩዝ፣ 4 ኩንታል፣ 14200 ብር። ፎርሙላው 400 ኪሎ ብሎ ሰጠኝ፣ ምንም ስህተት የለውም፣ ቁጥሩም መለኪያውም ጥርት ያለ ነው። ዋጋው ግን 35.50 መጣ። ያን ሰሞን በኪሎ የተገዛው ያልተፈተገ ሩዝ ሁሉ 50 ብር ነው። በመቶም በአሥርም አልራቀም፣ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው የጎደለው። ርካሽ ገዝተው ይሆናል ብዬ ላልፈው ነበር።

ደግነቱ ጠየቅኩ። «አክስቴ፣ ይሄ የፎገራው ሩዝ በሚዛን ነው የገባው?»

«የለም ልጄ፣ ያ እንኳ በጆንያ ተቆጥሮ ነው። አራት ኩንታል አልን እንጂ ሚዛን ላይ አልወጣም።»

እኛ ጆንያውንም ኩንታል ነው የምንለው። «አንድ ኩንታል አውርድ» ሲባል አንድ ሙሉ ጆንያ ማለት ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ፍሬው በፍሬው ላይ ተጠጋግቶ ይተኛል፣ ስለዚህ መቶ ኪሎ ጤፍ የሚይዝ ጆንያ አለ። ያልተፈተገ ሩዝ ግን ገለባው ላዩ ላይ ነው፣ ፍሬውም ረዘም ያለ ነው፣ በመሃሉ ብዙ አየር ይይዛል። ያው ጆንያ እስከ አፉ በሩዝ ቢሞላ መቶ ኪሎ አይደርስም። ማለትም ኩንታል የሚለው ቃል ጤፍ ላይ ክብደት ነበር፣ ሩዙ ላይ ግን ዕቃ መያዣ ሆኗል።

መደብሩ ውስጥ ከዚያው ግዢ የቀሩ ሦስት ያልተፈቱ ጆንያዎች ነበሩ። ሚዛን ላይ አወጣናቸው፤ 70፣ 72፣ 71። አማካዩ 71። I ላይ `=4*71` ጻፍኩ፣ 284 ኪሎ። ብሩን ብታካፍሉት 14200 ለ284 በትክክል 50 ብር ይመጣል። ሻጩ በጆንያ ሲቆርጥ ጆንያው ስንት እንደሚመዝን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ይሄን 71 ግን መለኪያ ሠንጠረዡ ውስጥ አትክተቱት። «ኩንታል 71» ብትሉ ጤፉ ሁሉ ይበላሻል። «የሩዝ ኩንታል 71» ማለትም አይሆንም፣ ምክንያቱም ሌላ ቀን ሩዙ በሚዛን መቶ መቶ ኪሎ ሆኖ ሊገባ ይችላል። የሌላ ሰው ጆንያ ደግሞ ሌላ መጠን አለው። ይሄ የዚያ ግዢ ቁጥር ነው፣ ከዚያ ረድፍ አይወጣም። ጆንያዎቹ ተሸጠው አልቀው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከዋጋው ተነስቼ 284 ብዬ እገምትና ግምት መሆኑን እጽፍ ነበር። በሚዛን የተገኘና ከዋጋ የተገመተ እኩል አይታመንም።

በጆንያ የሚቆጠር ብርቱ ጥርጣሬ ያለበትን ዕቃ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ያልተፈተገ ሩዝ፣ ጌሾ፣ ደረቅ በርበሬ፣ ከሰል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «በሚዛን ነው በጆንያ?» የእኛ በርበሬ በሚዛን የገባ ሆኖ ተገኘ፤ 60000 ለ150 ኪሎ 400 ብር፣ ሦስተኛውም ረድፍ 400 ብር ስለሆነ ይስማማል።

ማስታወሻው

አሁን K ላይ ለምን እንደዚያ እንደወሰናችሁ በአጭሩ ጻፉ። በፎርሙላ ለሄዱት ምንም አትጻፉ፣ በእጅ ለተሞሉት ግን አንዱንም አትዝለሉ። «በእጅ ተስተካክሏል» ብላችሁ አትጻፉ፣ እሱማ ከI ይታያል። የምትጽፉት ማስረጃውን ነው። የኔ እንዲህ ነበር፦

5ኛ፦ ኮማዋ የሺህ ናት
6ኛ፦ ሠላሳው ኪሎ ነው፣ ዋጋው 130 ይመጣል
7ኛ፦ ተኩል ማለት 1.5፣ በሚዛን መግባቱ ተጠይቋል
8ኛ፦ መለኪያ አልተጻፈም፣ በዋጋ ኪሎ ተብሏል
9ኛ፦ 1/2 ወደ ቀን ተቀይሮ ነበር፣ በዋጋ ግማሽ ኩንታል ተብሏል
4ኛ፦ በጆንያ የተቆጠረ፣ 3 ጆንያ ተመዝኖ አማካይ 71 ኪሎ

አሥረኛው ላይ ኮረሪማ «3» ይላል፣ ብርም አልተጻፈም። ሦስት ኪሎም ይሆናል ሦስት መቶ ግራም ሊጻፍ ታስቦ ዜሮዎቹ ቀርተውም ይሆናል። አክስቴም አላስታወሱትም። I ባዶ ቀረ፣ K ላይ «መለኪያም ብርም የለም፣ አልተደመረም» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ L ላይ የተጻፈውንና ምክንያቱን አንድ ላይ የሚያመጣ የመጨረሻ ማስታወሻ ሥሩ፦

```
="የተጻፈው፦ "&C2&IF(K2="","","፤ "&K2)
```

አራተኛው ረድፍ ላይ «የተጻፈው፦ 4 ኩንታል፤ በጆንያ የተቆጠረ፣ 3 ጆንያ ተመዝኖ አማካይ 71 ኪሎ» ይላል። ዘጠነኛው ላይ «የተጻፈው፦» ካለ በኋላ የሚመጣው ቀን ስለሆነ እሱን ብቻ ሴሉ ውስጥ ገብታችሁ በእጅ «1/2» ብላችሁ አስተካክሉት።

ማስረከብ

ዕቃ፣ ኪሎ፣ ማስታወሻና ብር ያሉበትን ዓምድ ወደ አዲስ ሺት ውሰዱ፣ በ`Ctrl+Shift+V` እሴቱን ብቻ ለጥፉ። እንዲህ ካልሆነ አንድ ሰው «መለኪያ» ሺቱን ሲያጠፋ ወይም ሲነካካ ቁጥሩ ሁሉ አብሮ ይናወጣል። የምትሠሩበትን ሺት ግን አትጣሉት። የዓምዱን ርዕስ «ክብደት» ብላችሁ አትተዉት፣ «ክብደት በኪሎ» በሉት፣ ሴሉ ውስጥ ግን ቁጥር ብቻ ይሁን። «300 ኪሎ» ብላችሁ ከጻፋችሁ እንደገና የማይደመር ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው።

ድምሩን ስትሰጡ ያልተደመረውንም አብራችሁ ስጡ። ስንት ረድፍ እንደቀረ ይሄ ይነግራችኋል፦

```
=COUNTIF(J2:J11,"")
```

የአሥሩ ረድፍ ድምር 1105.75 ኪሎ ነው፣ አንድ ረድፍ አልተደመረም። ሩዙን ሳልጠይቅ መቶ መቶ ብዬ ብወስደው 1221.75 ይሆን ነበር፣ 116 ኪሎ ያልነበረ ሩዝ።

ለአክስቴ በወረቀት አትሜ ወሰድኩላቸው። ድምሩን አይተው ዝም አሉና ጣታቸውን ማስታወሻው ላይ አድርገው አራተኛውን ረድፍ አነበቡት። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ከዛሬ ጀምሮ ያልተፈተገ ሩዝ በመጣ ቁጥር አንዱን ጆንያ መዝኖ ቁጥሩን ከጎኑ እንዲጽፍ ነገሩት።